ውሃው ፈልቷል፤ ኩባያውስ?

እንደምን አደራችሁ? ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጅ የያዛችሁ ወደ ጥላው ግቡ። ውሃ መቅዳት እንዳለባችሁ አውቃለሁ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ሰሞኑን አንድ ቤት ገባሁ፤ ስም አልጠራም። ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞታል። እናቱ ደግሞ ውሃ ሳታፈላ የማታጠጣ ጎበዝ ናት። ታዲያ ከየት መጣ? ቁጭ ብዬ ሳይ ትልቁ ልጅ ከውጭ እየሮጠ ገባ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ኩባያ አነሳ፣ ባልዲው ውስጥ ከነእጁ ነከረው። ጠጣና ኩባያውን እዚያው ጣለው። ያ ሁሉ ማገዶ በከንቱ ነደደ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጠጥ ውሃችሁን አፈ ጠባብና ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ አድርጉት። አይጠለቅም፣ ይቀዳል። በቃ።

ስታፈሉ ደግሞ ሞቅ ማለቱ አይበቃም። ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይቆይ፣ ደጋ ላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ማገዶ ካጠረ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት አለ፤ መጠኑን ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው አድርጉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ ግን መጀመሪያ ይዝቀጥ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጭቃ ያለበት ውሃ ላይ መድኃኒቱ አቅም ያጣል።

እጅ መታጠብ ላይ «ውሃው የታለ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ በምስማር ብሱና ሽንት ቤቱ አጠገብ ስቀሉት፣ በቀጭኑ ሲወርድ ጥቂት ውሃ ይበቃል። ሳሙና ከጠፋ አመድ። ከሽንት ቤት መልስ፣ ልጅ ከጠረጋችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመንካታችሁና ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት። የሕፃን ዓይነ ምድር «ምን አለው» ተብሎ ጓሮ ሲጣል አያለሁ፤ እሱም እንደ ትልቅ ሰው ያሳምማል፣ ሽንት ቤት ይግባ።

ልጁን ተቅማጥ አንዴ ከያዘው ጡት እንዳትከለክሉት፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ኦአርኤስ ማሸጊያው በሚለው መጠን ንጹሕ ውሃ በጥብጡና በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ዚንክ ከተሰጣችሁ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ካያችሁ ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ጀሪካን የያዛችሁ እስቲ ክዳኑን ክፈቱልኝ። ጣት አስገቡና ግድግዳውን ዳብሱት። ያዳልጣል? እሱን ነው ዛሬ በሳሙና የምናጥበው፤ ኑ፣ ከዚህኛው እንጀምር።