የሳቢያኑ ቤት ቪዲዮ፦ የቀረጻ ቅደም ተከተልና የሚነበበው ቃል

ለካሜራ ያዣችን፦ ቅዳሜ ጠዋት 12፡30 ላይ በሩ ጋ እንገናኝ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብን፤ ከዚያ ወዲያ የድሬዳዋ ፀሐይ ግቢውን ነጭ፣ ክፍሎቹን ጥቁር አድርጋ ነው የምታሳየው። ስልኩ በአግድም ይያዝ። ጠቅላላ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ።

ሰፊውን ሌንስ አደራህን አትንካው። ባለፈው ሦስት በሦስት የሆነውን መኝታ ቤት አዳራሽ አስመስለነው፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው ገዥ በሩ ላይ ቆሞ «ትልቁ ክፍልስ?» ሲለን የምንገባበት ጠፋን።

1. መንገዱ (25 ሰከንድ)
ባጃጅ ከሚቆምበት ጥግ ተነስተህ እስከ በሩ ሳትቆርጥ ተራመድ። የጎረቤት ፊትና የመኪና ሰሌዳ አይግባ።

«እንደምን አደራችሁ። ያለነው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከአስፋልቱ እስከዚህ በር በእግር ሁለት ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ መኪና ይገባል። ቦታው 250 ካሬ ሜትር ነው።»

2. ግቢው (40 ሰከንድ)
ሳሎኑን አናስቀድምም። እዚህ ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው የሶፋውን ቀለም ከማየቱ በፊት ጎርፉን፣ ውሃውንና ሙቀቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ካሜራውን ዝቅ አድርገህ ከበሩ ደፍ ጀምር፤ ሦስቱ ደረጃዎች በግልጽ ይታዩ። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ሮቶው፣ ከሮቶው ወደ ኒሙ ዛፍ።

«ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ያደረሰውን የምታስታውሱ ሰዎች መጀመሪያ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። የቤቱ ወለል ከግቢው በሦስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ የግቢው ውሃ በዚህ ቦይ ወደ መንገድ ይወጣል። ባለቤቷ በኖሩባቸው 19 ዓመታት ውሃ ደፉን አላለፈም ይላሉ፤ እናንተም ጎረቤት ጠይቁ። ሮቶው ሦስት ሺህ ሊትር ይይዛል። ይህ የኒም ዛፍ ደግሞ እስከ ቀትር በረንዳውን ያጠላል።»

3. በረንዳውና ሳሎኑ (50 ሰከንድ)
ማራገቢያው ይጥፋ፤ ድምፁ ንግግሬን ይበላዋል። መስኮቶቹ በሙሉ ይከፈቱ። በረንዳው ላይ ቆመህ አምስት ሰከንድ ዝም በል፤ የቅጠሉ ድምፅ ይሰማ፣ መጋረጃው ሲነፍስ ይታይ። ከመስጊድ አዛን ከተሰማ ቀረጻውን አቁመን እንጠብቃለን። ሳሎኑን ስትዞር ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻም ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ ቀና አድርግ።

«በረንዳው ወደ ምሥራቅ ነው። ከቀትር በኋላ ጥላ ስለሚሆን ቤተሰቡ ከሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚሁ ነው። ሳሎኑ አምስት በስድስት ሲሆን ኮርኒሱ ሦስት ሜትር ከሃያ ከፍታ አለው። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ነፋሱ ገብቶ ይወጣል።»

የቤተሰቡን ፎቶግራፎች የቤቱ ባለቤት እትዬ ራሳቸው ከቦታቸው ያነሳሉ፤ አንተ እጅህን እንዳታስገባ።

4. መኝታ ቤቶቹ (25 ሰከንድ)
ሦስቱንም ከበሩ ጥግ ብቻ። ሦስተኛው ላይ ቆየት በል፤ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ስንጥቅ አቅርበህ ቅረጸው። እትዬ «ምን ያስፈልጋል?» ብለው ነበር። ገዥ በዐይኑ ሲያገኘው ከዋጋው የሚቀንሰው ከስንጥቁ በላይ ነው ብዬ አሳመንኳቸው።

«ሦስት መኝታ ቤት አለ። ይህኛው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ አሁን የሚያገለግለው ለዕቃ ማስቀመጫ ነው። ይህን ስንጥቅ ግንበኛ አይቶት የልስን እንጂ የግድግዳ አይደለም ብሏል። የራሳችሁን ባለሙያ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ።»

5. ኩሽናና መታጠቢያ (20 ሰከንድ)
ቧንቧውን ክፈተው፤ ውሃው ሲወርድ ይታይ። በቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ነጭ ቅርፊት አታጥፋው፣ ድሬዳዋ ውስጥ ያላየው የለም።

«ኩሽናው ከውስጥ ነው፤ እንጀራ መጋገሪያው በስተጀርባ ለብቻው ተሠርቷል። የከተማችን ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ቧንቧዎቹ ባለፈው ዓመት ተቀይረዋል። ቆጣሪው የግል ነው።»

ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ያለ ንግግር አሳልፍ፤ ስድስት ሰከንድ ይበቃቸዋል።

6. መዝጊያ (20 ሰከንድ)
እኔ በረንዳው ደረጃ ላይ እቆማለሁ። ካርታው በእጄ ይታይ እንጂ ስምና ቁጥሩ አይነበብ። ቡናው የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመን ከተቀመጥን ፀሐይዋ ትቀድመናለች።

«ይዞታው ነባር ነው፣ ካርታው በባለቤቷ ስም ነው። ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መሬት አስተዳደር አብረን ሄደን እናረጋግጣለን። ዋጋው ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ነው፤ መጠነኛ ድርድር አለው። ለማየት ስትመጡ በስምንት ሰዓት ኑ፤ ሙቀቱን በዚያ ሰዓት ገብታችሁ ፈትኑት።»