የእናቴ የግፊት መድኃኒት
ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ከፋርማሲያችሁ የእናቴን የግፊትና የስኳር መድኃኒት የወሰድኩት ልጅ ነኝ። ቤት ገብቼ ሳየው የአምሎዲፒኑ ፓኬት ላይ 10 ሚሊግራም ይላል። እሷ እስካሁን የምትወስደው ባለ 5ቱን ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት። የድሮውን ባዶ ፓኬት ከአዲሱ ጎን አድርጌ ፎቶ ልኬልዎታለሁ፣ የማዘዣ ወረቀቱንም ጭምር፤ የሐኪሙ ጽሑፍ 5 ይሁን 10 መለየት አቃተኝ። ጨምሮላት ነው ወይስ ባለ 5ቱ እናንተ ጋ አልቆ ነው? ግማሽ ግማሽ ትውሰድ እንዳልል ፍሬው መሃሉ ላይ የመስበሪያ መስመር የለውም። ደግሞ ሰሞኑን ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ ለሐኪሟም አልነገረችም፣ መጠኑ ሳይጨመር በፊት ይህን ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው። ከድሮው ሁለት ፍሬ ቀርቷታል፣ አዲሱን አላስጀመርኳትም። ሜትፎርሚኑ ልክ ነው፣ ባለ 500፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር፤ ለሚቀጥለው ወር 60 ፍሬ ያስቀምጡልኝ። እባክዎ ዛሬውኑ ይመልሱልኝ፣ መጻፍ ካልተመቸዎት ይደውሉ። የሚቀየር ከሆነ ደረሰኙን ይዤ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እመጣለሁ።