ከ15 ሜትር ጣሪያ የተወረወረው ድንጋይ፦ ዩኒት እየፈተሽን እስከ መልሱ

የላክሽልኝ ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ ድንጋይ 15 ሜትር ከፍታ ካለው ህንፃ ጣሪያ ጫፍ ላይ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወደ ላይ ተወረወረ። አየር የሚያደርሰውን ጫና ትተን g = 10 m/s² ብንወስድ፣ ድንጋዩ ከህንፃው ሥር በምን ያህል ርቀት ላይ መሬት ይመታል?

ሀ) 30 ሜትር
ለ) 34.6 ሜትር
ሐ) 52 ሜትር
መ) 60 ሜትር

መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍኛቸው። የምሬን ነው። አራቱም በሜትር ስለሆኑ ዝም ብሎ ዩኒት በማየት አንዱንም መጣል አይቻልም፣ እያንዳንዳቸውም ሰው ከሚሠራው ስህተት ተነስተው የተቀመጡ ናቸው። ቀድመሽ ካየሻቸው ስሌትሽ ሳታውቂው ወደ አንዱ ይጎተታል።

አሁን የተሰጡንን እንይ። ከፍታው በሜትር፣ g በሜትር እና በሴኮንድ፣ ፍጥነቱ ግን በኪሎ ሜትር እና በሰዓት። ጥያቄ አውጪው 20 ብሎ መጻፍ አቅቶት አይደለም። ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት ቀይሪው።

```
72 km/h = 72 × 1000 m / 3600 s = 20 m/s
```

ሳትቀይሪ 72ን እንዳለ ብትከቺው ምን ይመጣል? በአየር ላይ 7.6 ሴኮንድ ገደማ፣ ርቀቱም ወደ 474 ሜትር። ምርጫው ውስጥ ስለሌለ እዚህ ላይ ተርፈሻል፣ ግን 474 ብለው ቢያስቀምጡት ኖሮ ስንቱ ያከብበው ነበር!

ቀጥሎ ፍጥነቱን ለሁለት እንከፍላለን፣ አግድም የሚሄደውን እና ሽቅብ የሚሄደውን።

```
vx = 20 m/s × cos 30° = 17.3 m/s
vy = 20 m/s × sin 30° = 10 m/s
```

ሳይን እና ኮሳይን ዩኒት የላቸውም፣ ስለዚህ ሜትር በሴኮንድ እንዳለ ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱን ብታገላብጫቸው ዩኒቱ ምንም አይነግርሽም፣ ሁለቱም ሜትር በሴኮንድ ናቸውና። ይህን የሚይዘው ሥዕል ነው። አንግሉ የተለካው ከአግድም መስመር ነው፣ 30 ደግሞ ከ45 ያንሳል፣ ስለዚህ አግድሙ ከሽቅቡ መብለጥ አለበት። 17.3 ከ10 ይበልጣል፣ እንቀጥል።

ወሳኙ ነገር ጊዜው ነው። ርቀቱን የሚወስነው ድንጋዩ አየር ላይ ስንት ሴኮንድ ቆየ የሚለው ነው፣ እሱን የምናገኘው ደግሞ ከሽቅብና ቁልቁል እንቅስቃሴው ብቻ ነው፤ አግድሙ በዚህ አያገባውም። ጣሪያውን ዜሮ እንበለው፣ ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ። መሬቱ እንግዲህ −15 ሜትር ላይ ነው።

```
y = vy·t − ½·g·t²
−15 m = (10 m/s)·t − (5 m/s²)·t²
```

ቁጥር ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው እይ። ሜትር በሴኮንድ ሲባዛ በሴኮንድ፣ ሜትር። ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ሲባዛ በሴኮንድ ስኩዌር፣ እሱም ሜትር። በግራ በኩል ያለውም ሜትር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መደመርም መቀነስም ይቻላል። ተቻኩለሽ ስኩዌሩን ረስተሽ ½·g·t ብትጽፊ ኖሮ ከሜትር ላይ ሜትር በሴኮንድ ልትቀንሺ ነው፣ ያ ደግሞ አይሆንም፣ እዚያው ታቆሚያለሽ።

ሁሉንም በ5 m/s² አካፍዪው፣ ዩኒቱን ሳትጥዪ።

```
t² − (2 s)·t − 3 s² = 0
(t − 3 s)(t + 1 s) = 0
```

አየሽ፣ ሁሉም ቁራጭ ሴኮንድ ስኩዌር ሆኖ ቁጭ አለ። 15 ሜትር ለ5 m/s² ሲካፈል 3 s² ነው፣ 10 m/s ለዚያው ሲካፈል 2 s ነው። እኔ በዚህ ጊዜ ነው ልቤ የሚረጋው። መልሱ 3 ሴኮንድ ወይም −1 ሴኮንድ ነው። −1 የሚለው ድንጋዩ ከመወርወሩ በፊት ያለ ጊዜ ስለሆነ ጣዪው።

ዩኒት የማያያቸው ሁለት ነገሮች እዚህ አሉ፣ ልብ በዪ። አንደኛው ½ ነው። ½ን ብትረሺ ሁሉም አሁንም ሜትር ነው፣ ጊዜው ግን ወደ 1.82 ሴኮንድ ይወርድና ርቀቱ 31.6 ሜትር ይሆናል፤ «ትንሽ አጠጋግቼ ነው» ብለሽ ሀን ልታከብቢ ትችያለሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክቱ ነው። −15 በማለት ፈንታ 15 ብትጽፊ ከሥር ምልክቱ ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር ይወጣና መፍትሔ ይጠፋል። ትክክልም ነው፣ ድንጋዩ ከጣሪያው በላይ የሚወጣው 5 ሜትር ብቻ ነው፣ 15 ከየት ያመጣል?

አሁን ርቀቱ ቀላል ነው።

```
x = vx·t = 17.3 m/s × 3 s = 52 m
```

ሴኮንዱ ከሴኮንድ ጋር ተጣፋ፣ ሜትር ቀረ። እጅሽን አንሺ። ሐ አለ።

ግን ወዲያው አታክብቢ፣ ሌሎቹ ከየት እንደመጡ እንይ። መ 60 የሚሆነው ሙሉውን 20 m/s በ3 ሴኮንድ ስታባዢ ነው፣ አንግሉን ረስተሽ። ሀ 30 የሚሆነው ደግሞ የሽቅቡን 10 m/s በ3 ስታባዢ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ለ ነው፣ አንቺም የመረጥሽው እሱን ነው። በቃል የተሸመደደችው ቀመር ናት፦

```
R = v²·sin 2θ / g = (400 m²/s² × 0.866) / (10 m/s²) = 34.6 m
```

ዩኒቷ ንፁህ ነው፣ m²/s² ለ m/s² ሲካፈል ሜትር። ቀመሯም ውሸት አይደለችም። ችግሩ የምትሠራው ድንጋዩ ከተነሳበት ከፍታ እኩል በሆነ ቦታ ሲያርፍ ብቻ መሆኑ ነው። 34.6 ሜትር ላይ ድንጋዩ ገና ከጣሪያው ትይዩ አየር ላይ ነው፣ ሊወርደው የሚገባ 15 ሜትር ቀርቶታል። ይህን የሚይዝልሽ ዩኒት ሳይሆን ጥያቄውን በደንብ ማንበብ ነው።

ደስ የሚለው ይኸው የተሳሳተ መልስ ለትክክለኛው መፈተሻ ይሆናል። ጣሪያው ትይዩ ለመድረስ 2 ሴኮንድ ፈጅቷል፣ ጠቅላላው 3 ነው፣ ስለዚህ ቀሪው አንድ ሴኮንድ። በዚያ ሴኮንድ አግድም 17.3 ሜትር ይሄዳል፣ 34.6 ሲደመር 17.3፣ 51.9፣ ማለትም ስናጠጋጋው ያው 52 ሜትር። ቁልቁልም እንይ፣ በ10 m/s እየወረደ ጀምሮ በአንድ ሴኮንድ 10 ሲደመር 5፣ 15 ሜትር። ልክ መሬት። አሁን ሐን አክብቢ።

የዚሁ ጥያቄ ተከታይ ደግሞ ከመሬት የሚደርስበትን ትልቁን ከፍታ በፊደል ብቻ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ዩኒት ብዙ ይሠራልሻል።

```
ሀ) h + v·sinθ / 2g
ለ) h + v²·sin²θ / 2g
ሐ) h + v²·sin²θ / 2g²
መ) v²·sin²θ / 2g
```

ሀ ላይ ከ h ጋር የተደመረው ሴኮንድ ነው፣ ሐ ላይ ሴኮንድ ስኩዌር። ሜትር ላይ ሴኮንድ አይደመርም፣ ሁለቱም ወጡ፣ ምንም ሳታሰዪ። ለ እና መ ግን ሁለቱም ሜትር ናቸው። ጥያቄው «ከመሬት» ይላል፣ መ ደግሞ የሚለካው ከጣሪያው ነው፣ ስለዚህ ለ። በቁጥር 15 ሲደመር 5፣ 20 ሜትር። ከ20 ሜትር ቁልቁል ለመውረድ 2 ሴኮንድ ይፈጃል፣ ለመውጣት የወሰደውን 1 ሴኮንድ ስትጨምሪበት ያው 3።