የድጋፍ ደብዳቤ ለአጭር ርቀት ሯጭ ምሕረት

ለዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ምሕረትን ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ያሰለጠንኳት እኔ ነኝ። አሁን 18 ሞልቷታል። 100 ሜትርን በ12.04፣ 200 ሜትርን በ24.41 ሰከንድ ሮጣለች። ሁለቱም በኤሌክትሮኒክ ሰዓት የተያዙ ናቸው፤ የጀርባ ንፋሱም ከሚፈቀደው በሰከንድ 2 ሜትር አላለፈም።

እውነቱን ለመናገር አነሳሷ ገና ይቀረዋል። ከብሎክ ስትወጣ ቶሎ ቀና ትላለች፤ የመጀመሪያዎቹ 30 ሜትሮች ላይ ይቀድሟታል። ጥንካሬዋ ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻው አካባቢ የሁሉም ሯጭ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ከሁሉም ያነሰ የቀነሰበት ነው። እሷ ትከሻዋን ሳታጠብቅ፣ እርምጃዋን ሳታዛባ ትጨርሳለች። ሌሎችን ይህን ለማስተማር ብዙ እደክማለሁ፤ እሷ ግን ይዛው ነው የመጣችው። ስለዚህ 200 ሜትር ላይ ብታሠሯት እመርጣለሁ። ኩርባውንም ትችልበታለች፤ በ4 በ100 ዱላ ቅብብል ሦስተኛ ሯጭ የማደርጋት ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት የኋላ ጭኗን ጡንቻ ሲይዛት ከውድድሩ በፊት መጥታ ነገረችኝ። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ ይደብቃሉ። አረፈች፤ የማገገሚያ ልምምዷንም ሳታጓድል ሠራች። ጡንቻው ከዚያ ወዲህ አላስቸገራትም።

ዝምተኛ ናት። መጀመሪያ ላይ ኩራት ሊመስላችሁ ይችላል፤ አይደለም። ያለ ጉትጎታ ትሠራለች፣ የልምምድ ማስታወሻዋንም ራሷ ትይዛለች።

ያለ ምንም ማመንታት እንድትቀበሏት እጠይቃለሁ። የውድድር ውጤቶቿንና ቪዲዮዎቿን አያይዣለሁ። ጥያቄ ካላችሁ በዚሁ ኢሜይል ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አሰልጣኟ