ማኪያቶ ከማሽን እስከ ጠረጴዛ፦ የአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ቪዲዮ ስክሪፕት

ቀረጻና ኤዲቲንግ ላይ ላላችሁ፦

ይህ ስክሪፕት የወጣበት የአሰልጣኟ ዌቢናር 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር፤ ትራንስክሪፕቱ 41 ገጽ። ይህ ስክሪፕት ወደ 6 ደቂቃ ይወጣዋል። ሰላምታውን፣ «ድምፄ ይሰማል?» እየተባለ ያለቀውን ሰባት ደቂቃና የቡና ማሽን ፈልሳፊውን የጋጂያን ታሪክ (እ.ኤ.አ. የ1938ቱን ፓተንት) አውጥቻለሁ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አሥር ትዕዛዝ የተደረደረበትን ልጅ አይረዳውም።

የአሰልጣኟ ምርጥ ንግግር የተደበቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ በጥያቄና መልሱ፣ 1:34 ገደማ። ምዕራፍ 3 ከዚያ የወጣ ነው። ጊዜ ቢያጥረን ከሌላው ቁረጡ፤ እሱን አትንኩብኝ። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ዘጠኝ በር» የሚለውም በር አይደለም፤ የግፊት መጠን ነው፣ 9 ባር። ስክሪን ላይ በስህተት እንዳይወጣ።

መግቢያ (0:00–0:25)

ምስል፦ አራት ኪሎ ቅርንጫፍ፣ ጠዋት። ከውጭ የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። ድምፁን አትቁረጡት። አስተናጋጇ ወደ ማሽኑ ዞራ፦ «አንድ ጠቆር ያለ፣ ሁለት ነጣ ያለ!»

ተራኪ፦ ይህችን ትዕዛዝ በቀን መቶ ጊዜ ትሰማላችሁ። መቶኛውም ማኪያቶ እንደ መጀመሪያው እንዲጣፍጥ ምን መደረግ አለበት? ከማሽኑ እንጀምር።

ምዕራፍ 1፦ ማሽኑ ሳይሞቅ ቡና የለም (0:25–1:15)

ምስል፦ እጅ ማብሪያውን ይጫናል። ከዚያ ሁለቱ የግፊት መለኪያዎች በቅርበት።

ተራኪ፦ በር ከመክፈታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ማሽኑን አብሩ። መብራቱ ስለበራ ሞቋል ማለት አይደለም። ቡና የሚያዝበትን እጀታም ባዶውን ቦታው ላይ አስገብታችሁ ተዉት፤ አብሮ ይሙቅ። ቀዝቃዛ ብረት የቡናውን ሙቀት ይሰርቃል፣ ቡናውም ይኮመጥጣል።

አንዱ መለኪያ የቦይለሩን ግፊት ያሳያል፤ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት። ሌላው የፓምፑ ነው፤ ቡና ሲወርድ ወደ 9 ባር ይደርሳል። መብራት ሄዶ ከመጣ ደንበኛው ቢቸኩልም መለኪያው እስኪመለስ ጠብቁ። «ይቅርታ፣ ማሽኑ እየሞቀ ነው» ማለት ነውር የለበትም።

ምዕራፍ 2፦ ቡናው (1:15–2:15)

ምስል፦ ሚዛን፣ መፍጫ፣ መጠቅጠቂያ። ስክሪን ላይ፦ 18 ግራም / 36 ግራም / ከ25 እስከ 30 ሰከንድ።

ተራኪ፦ ለሁለት ሲኒ 18 ግራም የተፈጨ ቡና መዝኑ። በጣታችሁ ደልድላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ካዘመመ ውሃው በቀለለው በኩል ሾልኮ ያልፋል። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 36 ግራም የሚጠጋ ቡና ሊወርድ ይገባል።

በ15 ሰከንድ ካለቀ አፈጫጩ ሻካራ ነው፤ አድቅቁት። እየተንጠባጠበ 40 ሰከንድ ካለፈ ልሟል፤ ትንሽ አሻክሩት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጠኑንም አፈጫጩንም አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁትም።

ምዕራፍ 3፦ ወተቱ (2:15–4:20)

ማስታወሻ፦ እዚህ ካሜራው ከጆጉ አይለይ። ቀስ በሉ።

ምስል፦ ጆግ ከፍሪጅ ይወጣል። ጠል ይዟል።

ተራኪ፦ እናቶቻችን ወተት የሚያፈሉት እስኪገነፍል ነው። ልክ ናቸው፤ ጥሬ ወተት መፍላት አለበት። እኛ ጋ የሚመጣው የታሸገ ወተት ግን ፋብሪካው ውስጥ ፓስቸራይዝድ ተደርጓል። እኛ የምናሞቀው እንዲጣፍጥ ነው። ጥሬ ወተት ከመጣላችሁ አስቀድሞ ይፍላ፣ ይቀዝቀዝ፣ ፍሪጅ ይግባ፤ ከዚያ ወደ ጆግ።

ስክሪን ላይ፦ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ። አይፍላ!

ተራኪ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ «ገና አልፈላም» ብላችሁ ስትጠብቁ ወተቱ አልፎታል። 70ን ሲሻገር አረፋው ይንኮታኮታል፤ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የተቃጠለ ወተት ሽታ ያመጣል። ደንበኛው ስኳር ሲደራርብ ካያችሁ ቡናውን ብቻ አትጠርጥሩ።

ምስል፦ የእንፋሎት ቧንቧው ባዶውን ለሁለት ሰከንድ ይነፋል። ከዚያ ጆጉ ውስጥ ይገባል።

ተራኪ፦ መጀመሪያ እንፋሎቱን ወደ ጨርቅ ልቀቁት፤ ውስጡ የቆየው ውሃ ይውጣ። ጆጉን ከግማሽ በታች ሙሉ። ጫፉን ከወተቱ ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ስሙት።

(የ«ጭስ፣ ጭስ» ድምፅ፣ 4 ሰከንድ። ተራኪው ዝም ይላል።)

ተራኪ፦ ወረቀት እንደመቅደድ ያለው ይህ ድምፅ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ጆጉ እንደ እጃችሁ ለብ ሲል ይበቃዋል። አሁን ጫፉን ወደ ውስጥ ስደዱት፤ ወተቱ ይሽከርከር። ቢጮህ ጥልቅ ገብቷል፣ ቢያንቦጫርቅ ወጥቷል። ሌላውን እጅ ጆጉ ላይ አድርጉ። መያዝ ሲያቅታችሁ ዝጉ። መጀመሪያ ሰሞን ግን ቴርሞሜትር ተጠቀሙ፤ እጅ ይለምዳል፣ ሲለምድም ይዋሻል።

ጆጉን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ አሽከርክሩ። እንደ እርጥብ ቀለም ማብረቅ አለበት። የተረፈውን ደግማችሁ አታሙቁ።

ምዕራፍ 4፦ ጠቆር፣ ነጣ፣ ጾም (4:20–5:25)

ምስል፦ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን።

ተራኪ፦ ማኪያቶ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው። ጣሊያኖቹ ቡናው ላይ ወተት ጠብ ያደርጋሉ። የኛ ደንበኛ ደግሞ ልኩን ራሱ ያውቃል። ጠቆር ያለ ሲል ወተቱን ቀንሱ እንጂ ቡና አትጨምሩ። ነጣ ሲል ወተቱ ይብዛ፤ አረፋ ብቻ ከሞላችሁበት ግን ተታለልኩ ይላል። ልክ ነው።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾምም፣ የጾም ማኪያቶ ይታዘዛል። ለአኩሪ አተር ወተት የራሱ ጆግ አለው፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር የተለጠፈበት። ቧንቧውንም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ንፉ። «አጥቤዋለሁ» ብላችሁ በወተቱ ጆግ ብትሠሩ ደንበኛው ልዩነቱን ላይቀምሰው ይችላል፤ ጉዳዩ ግን የእምነቱ ነው።

ማስታወሻ፦ አሰልጣኟ ስለ ስፕሪስም ተናግራለች። ጥሩ ነበር፤ ግን ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይሁን።

ምዕራፍ 5፦ ጽዳት (5:25–5:55)

ተራኪ፦ ቧንቧውን ወዲያው ጥረጉ፤ ወተት ከደረቀበት አይለቅም። የቧንቧው ጨርቅ ለሌላ ነገር አይነካ። ማታ ቀዳዳ በሌለው ማጣሪያ ላይ የማሽን ማጽጃ ዱቄት ጨምራችሁ ውሃውን ወደ ኋላ አስመልሱ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። ማጽጃው ከቀረ የነገ ጠዋቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ይቀምሰዋል።

ምስል፦ አስተናጋጇ ማኪያቶውን አንድ አባት ፊት ታስቀምጣለች። እሳቸው ስኳሩን ትንሽ ገፋ አድርገው ያማስላሉ። ሙዚቃ አትጨምሩ፤ የማንኪያው ድምፅ ይሰማ።