የ20 ደቂቃ ምክር ጥያቄ፦ ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ፣ ባቱ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ ዶ/ር አልማዝ፣

ሰላማዊት እባላለሁ። ባቱ አካባቢ በገጠር ውሃ ፕሮጀክት የምሠራ ጀማሪ መሐንዲስ ነኝ። አዳማ በሰጡት ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ስለነበርኩ አያስታውሱኝም።

አንድ ውሳኔ ላይ ተይዣለሁ። አዲሱ ጉድጓዳችን ውሃው በቂ ነው፤ ፍሎራይዱ ግን በሊትር 4.2 ሚሊግራም ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 እንዳይበልጥ ነው የሚመክረው። በአጥንት ከሰል እናጣራ ወይስ ከሩቅ ምንጭ ስበን እንቀላቅል? ማጣሪያው በዋጋ ይረክሳል። የሚያስፈራኝ ከሰሉን በየጊዜው ማን ይቀይረዋል የሚለው ነው። የውሃ ኮሚቴው የፓምፑን ነዳጅ እንኳ በስንት መከራ ነው የሚያዋጣው! ሁለቱንም በመስክ ስላዩ፣ እኛ ከወጣን በኋላ ቀድሞ የሚቆመው የቱ እንደሆነ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው።

በስልክ 20 ደቂቃ ይበቃኛል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቢመችዎ እኔ እደውላለሁ። ካልሆነም በሁለት መስመር ቢመልሱልኝ ትልቅ ነገር ነው። የላብራቶሪ ውጤቱን በአንድ ገጽ አያይዣለሁ፤ ሳያነቡት ብናወራም ችግር የለውም። ጊዜ ካጡም ፈጽሞ አልቀየምም።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት