የ12ኛ ክፍል ሒሳብ፦ የሊሚትና የደሪቬቲቭ አጭር ፈተና ከነማብራሪያው

መመሪያ፦ ጊዜ 20 ደቂቃ። ካልኩሌተር አይፈቀድም። የትክክለኛውን መልስ ፊደል ክበቡ፤ ስሌታችሁንም ከጥያቄው ሥር አሳዩ። እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ነጥብ ይይዛል፤ ስሌት የሌለው ትክክለኛ መልስ ግን 1 ብቻ ያገኛል።

1. lim(h→0) [(3 + h)² − 9]/h ስንት ነው?
ሀ. 0  ለ. 3  ሐ. 6  መ. 9

2. lim(x→1) (x³ − 1)/(x − 1) ስንት ነው?
ሀ. 0  ለ. 3  ሐ. 2  መ. ሊሚት የለውም

3. lim(x→−∞) √(4x² + 1)/x ስንት ነው?
ሀ. 2  ለ. 4  ሐ. 0  መ. −2

4. f(x) = 1/(3x²) ቢሆን f′(1) ስንት ነው?
ሀ. −6  ለ. −2/3  ሐ. 2/3  መ. −1/6

5. f(x) = (x² + 1)/(2x − 1) ቢሆን f′(2) ስንት ነው?
ሀ. 2/9  ለ. 2/3  ሐ. −2/9  መ. 2

ማብራሪያ (ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚታደል)

1. ሐ። (3 + h)² ሲዘረዘር 9 + 6h + h² ይሆናል፤ 9 ተቀንሶ ቀሪው ለ h ሲካፈል 6 + h ይቀራል። «ሀ»ን የከበበ ሰው 9 + h² ብሎ መካከለኛውን ቁም ጥሎታል። የጣለው 6h ደግሞ የምንፈልገውን መልስ የተሸከመው ቁም ነበር።

2. ለ። x³ − 1 = (x − 1)(x² + x + 1) ስለሆነ መልሱ 1 + 1 + 1 ነው። «ሐ» የሚገኘው x³ን ለ x፣ 1ን ለ 1 ለየብቻ አካፍሎ x² + 1 በማለት ነው። ይህን ልማድ ማስጣል የሚያስቸግረው አንዳንዴ ስለሚሠራ ነው፦ (x² − 1)/(x − 1)ን በዚሁ ስሕተት ብትሠሩት x + 1 ይወጣል፤ መልሱም ልክ ነው! ተማሪው አንድ ቀን በዕድል ያገኘውን ሁለት ነጥብ እንደ ሕግ ይዞት ይኖራል። ማጣፋት የሚቻለው የላዕሉና የታሕቱ የጋራ አብዢ ሲሆን ብቻ ነው።

3. መ። √x² ሁልጊዜ x አይደለም፤ የ x ፍጹም ዋጋ ነው። እዚህ x አሉታዊ ስለሆነ √x² = −x። x = −10 ብትተኩ ላዕሉ አዎንታዊ፣ ታሕቱ አሉታዊ ነው፤ 2 ከየት ይመጣል?

4. ለ። 3 ከታሕቱ አልወጣም፦ f(x) = (1/3)x⁻²። ካሬው ያለው በ x ላይ ብቻ ሆኖ ሳለ 3x⁻² ብሎ የጻፈ −6 ያገኛል።

5. ሀ። ላዕሉ 2x(2x − 1) − 2(x² + 1) ነው፤ በ x = 2 ሲሰላ 12 − 10 = 2፣ ታሕቱ 3² = 9። ቅንፉን ሲፈታ −2x² + 2 ብሎ የጻፈ የመቀነስ ምልክቱን ለመጀመሪያው ቁም ብቻ ሰጥቷል፤ 6/9 አግኝቶ ወደ 2/3 ያቃልለዋል፣ «ለ»ም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «ሐ» የቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። «መ»ን የከበበ ግን የላዕሉን ደሪቬቲቭ ለታሕቱ ደሪቬቲቭ አካፍሏል፤ እሱ የአልጀብራ ስሕተት ስላልሆነ የማካፈል ሕጉን ከደብተሩ እንደገና ያንብብ።